የጥቆማ ፖሊሲ ረቂቅ፦ «ከበቀል እንጠብቃለን» የሚለው አንቀጽ በተግባር እንዲሠራ እንዴት ይጻፍ? (ድሬዳዋ)

ሳቢያን_የሰው_ሀብት

ሰላም ለሁላችሁ። ለአንድ የእህልና የምግብ ዘይት አከፋፋይ ድርጅት የጥቆማ ፖሊሲ እያረቀቅሁ ነው። ሠራተኛው 64 ነው። ቢሮው ከዚራ፣ ዋናው መጋዘን መልካ ጀብዱ፣ አነስተኛው መጋዘን ደግሞ ሳቢያን ነው። ግማሽ ያህሉ ሠራተኛ በዓመት ውል ነው የሚሠራው፤ ውሉም ሰኔ 30 ያበቃል። ፖሊሲውን የጠየቀን አብሮን የሚሠራ አጋር ድርጅት ቢሆንም፣ አንድ የስቶር ጸሐፊ አምኖ ሊጠቀምበት የሚችል ነገር እንዲሆን እፈልጋለሁ። እስካሁን የጻፍኩት ይኸው፦

> አንቀጽ 5። ድርጅቱ ጥቆማ ያቀረበን ሠራተኛ ከማንኛውም የበቀል እርምጃ ሙሉ በሙሉ ይጠብቃል።
>
> አንቀጽ 6። የጠቋሚው ማንነት በምንም ሁኔታ አይገለጽም።
>
> አንቀጽ 7። ጥቆማ በድርጅቱ ኢሜይል፣ በዋናው በር ላይ ባለው ሳጥን ወይም በሰው ሀብት ክፍል ስልክ ሊቀርብ ይችላል።
>
> አንቀጽ 8። ጥቆማው በቅን ልቦና ያልቀረበ ወይም ሐሰት ሆኖ የተገኘ እንደሆነ አቅራቢው በዲሲፕሊን ይጠየቃል።

ምን ይጎድለዋል? በተለይ 5 እና 7 ላይ አስተያየታችሁን እፈልጋለሁ።

---

የሕግ_ነገር_ድሬ

እህቴ፣ ብዙ አትድከሚ። የወንጀል ምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 አለልሽ። አንቀጽ 5 ላይ «ጠቋሚው በአዋጁ መሠረት ጥበቃ ያገኛል» ብለሽ ጻፊ፣ በቃ። ፖሊሲ ከአዋጅ በላይ አይሆንም። አንቀጽ 8 ግን ጥሩ ነው፣ እንዳትነኪው። አለዚያ ቂም ያለው ሁሉ ይጽፋል።

---

የውስጥ_ኦዲተር

ወንድሜ የሕግ ነገር፣ አዋጁ መኖሩ እውነት ነው፤ የሚሠራው ግን ለሌላ ዓይነት ጉዳይ ነው። 699/2003 ተፈጻሚ የሚሆነው አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት ወይም ሞት በሚያስቀጣ ወንጀል ላይ ነው። በዚያ ላይ ወንጀሉ ያለ ጠቋሚው መረጃ ሊደረስበት የማይችል መሆን አለበት፣ በሕይወቱ፣ በአካሉ፣ በነጻነቱ ወይም በንብረቱ ላይም ከባድ አደጋ መኖሩ መታመን አለበት። ከመጋዘን ሠላሳ ጀሪካን ዘይት ጎድሏል ብሎ የጠቆመ ጸሐፊ እዚያ ደረጃ አይደርስም። የሚደርስበትም በቀል ድብደባ ሳይሆን ሰኔ 30 ላይ ውሉ ዝም ተብሎ መቅረቱ ነው። ስለዚህ አዋጁን መጥቀስ ይቻላል፣ በአንቀጽ 5 ቦታ መተካት ግን ሰውየውን ባዶ እጁን ማስቀረት ነው።

እህቴ ሳቢያን፣ «ሙሉ በሙሉ ይጠብቃል» ስትይ የትኛውን ድርጊት? እስከ መቼ? ማን ነው የሚያስረዳው? ጉዳቱ ከደረሰ በኋላስ ማን ይመልሰዋል? አሁን ባለው ጽሑፍ አራቱም መልስ የላቸውም።

ድርጊቶቹን በስም ዘርዝሪ፦ ማሰናበት፣ ውል አለማደስ፣ በሙከራ ጊዜ ማሰናበት፣ ከፍላጎት ውጪ ማዛወር፣ ትርፍ ሰዓትና አበል መንፈግ፣ የሥራ አፈጻጸም ነጥብ ማውረድ፣ ሥራ ሳይሰጡ ማስቀመጥ፣ የሥራ ልምድ ማስረጃ ማዘግየት፣ ማስፈራራት፣ ሌሎች እንዲያገሉት መገፋፋት። መጨረሻው ላይ «እነዚህን የመሰለ ሌላ እርምጃ» በይና ዝጊው።

ከእነዚህ ሁሉ ለእናንተ የሚከብደው ውል አለማደስ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011 የተወሰነ ጊዜ ውል ጊዜው ሲያልቅ በሕግ ነው የሚቋረጠው፤ ስንብት አይባልም። ጸሐፊው ፍርድ ቤት ቢሄድ «አላሰናበትነውም፣ ውሉ አለቀ» ይባላል። ስለዚህ ፖሊሲሽ በግልጽ ካልሸፈነው ግማሹ ሠራተኛ ጥበቃ የለውም ማለት ነው። የሙከራ ጊዜ ላይ ያሉትም እንደዚያው ናቸው። 60 የሥራ ቀን እስኪሞላ ድረስ ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት ይቻላል።

እዚህ ላይ ብዙ ረቂቆች የሚሰናከሉበት ነገር አለ። «የጠቋሚ ውል የማይታደስ ከሆነ የክፍል ኃላፊው ምክንያቱን ለኮሚቴ ያቀርባል» ብለሽ ከጻፍሽ፣ ምክንያት ስትጠይቂው ሰውየው ጠቋሚ መሆኑን ለኃላፊው ነገርሽው ማለት ነው። ጥበቃው ራሱ ያጋልጠዋል። መፍትሔው ደንቡን ለሁሉም ማድረግ ነው፦ የማንም ውል ሳይታደስ ሲቀር የክፍል ኃላፊው ከ30 ቀን በፊት ምክንያቱን በጽሑፍ ይሰጣል። ዝርዝሩን የሚያየው ጥቆማ ተቀባይ ከራሱ መዝገብ ጋር ለብቻው ያመሳክራል። ኃላፊው ሠላሳ ሰው ላይ የጻፈው ተራ ቅጽ ነው፤ ከመካከላቸው የትኛው እንደሚመረመር አያውቅም።

የአፈጻጸም ነጥብም በዚሁ መንገድ ይጠበቃል። በየስድስት ወሩ የሁሉም ሠራተኛ የመጨረሻ ነጥብ ቅጂ ታሽጎ ለቦርዱ የኦዲት ኮሚቴ ይሰጥ። በኋላ ነጥብ ወረደ ሲባል ቀድሞ የነበረውን ማንም ሊለውጠው አይችልም።

---

መስመር_ሐረር

እኛ ይሄንን ሠርተናል። በየቀበሌው ሳጥን ሰቅለናል፣ የእርዳታ ተጠቃሚዎች ቅሬታቸውን ይጥላሉ፣ በየሁለት ሳምንቱ ከቀበሌ ተወካይ ጋር ይከፈታል። ነጻ የስልክ መስመርም ጥሩ ነው። አንቺም እንደዚህ አድርጊ፤ በተለይ ማንበብ ለማይችሉ ሰዎች በሥዕል የተዘጋጀ ፖስተር ያስፈልጋል።

---

የውስጥ_ኦዲተር

መስመር ሐረር፣ ይሄ የተጠቃሚ ቅሬታ ነው፤ እሱም ያስፈልጋል፣ ግን ሌላ ሰነድ ነው። ተጠቃሚው ድርሻው ጎደለ ብሎ ሲያመለክት በድርጅቱ ደሞዝ አያድርም። እዚህ የተጠየቀው ደሞዙን ከሚከፍለው ሰው ሥር ተቀምጦ ስለሚጠቁም ሠራተኛ ነው። ሳጥኑ ከቀበሌ ተወካይ ጋር ሲከፈት የሠራተኛው የእጅ ጽሑፍ ከተማው ውስጥ ይዞራል ማለት ነው። ሁለቱን አንድ ሳጥን ውስጥ ባትቀላቅሉ ይሻላል። የሥዕል ፖስተሩ ሐሳብ ግን ለጫኝና አውራጆች ይሠራል።

---

ኔትወርክ_ከዚራ

አንቀጽ 7 ላይ እኔ ልግባ። አቦ፣ የድርጅት ኢሜይል ምስጢራዊ መስመር አይሆንም። በድርጅቱ ዶሜይን ላይ ያለን የመልእክት ሳጥን ሲስተሙን የሚያስተዳድረው ሰው መክፈት ይችላል። ብዙ ቦታ ደግሞ የሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ የይለፍ ቃሉን ይዛለች፣ ወይም መልእክቱ ወደ ሌላ አድራሻ በራሱ እንዲተላለፍ ተደርጓል። ከድርጅቱ ዶሜይን ውጪ የሆነ አድራሻ ክፈቱ። መልሶ ማግኛ ስልኩ የጥቆማ ተቀባዩ እንጂ የቢሮው አይሁን። ጠቋሚዎችም ከቢሮ ኮምፒውተርና ከቢሮ ዋይፋይ እንዳይልኩ ፖሊሲው ራሱ ይንገራቸው።

የኦንላይን ቅጽ ጥሩ ነው፤ ግን ሦስት ቦታ ላይ ያጋልጣል። በ`Google Forms` ከሠራችሁ `Collect email addresses` የሚለው `Do not collect` መሆን አለበት። `Limit to 1 response` ከተበራ ሰውየው በአካውንቱ እንዲገባ ይጠየቃል፤ አጥፉት። ፋይል ማያያዣ ጥያቄ ካስገባችሁም እንደዚያው መግባትን ያስገድዳል፤ የሚወጣው ፋይልም የላኪውን ስም ይዞ ይመጣል። ማስረጃ በሌላ መንገድ ይምጣ።

ቴሌግራም ላይ ደግሞ ሰዎች የሚረሱት ነገር አለ። ጠቋሚው `Settings > Privacy and Security > Phone Number` ገብቶ `Nobody` ቢያደርግም፣ የተቀባዩ ስልክ ላይ ቁጥሩ በስም ተመዝግቦ ከነበረ ስሙ ይታያል። 64 ሠራተኛ ባለበት ቤት የተቀባዩ ስልክ የሁሉንም ቁጥር ይዟል። ስለዚህ ለጥቆማ ብቻ የሚያገለግል ስልክ ይገዛ፣ ምንም ስም አይመዝገብበት፣ `Sync Contacts` ይጥፋ። ፎቶ ሲላክ እንደ ፎቶ ይላክ፤ እንደ ፋይል ከተላከ የተነሳበት ሰዓትና አንዳንዴም ቦታው አብሮ ይሄዳል።

በዋናው በር ላይ ያለው ሳጥንስ? በሩ ላይ ካሜራና ጥበቃ አለ አይደል? ማን እንደጣለ የሚቀዳ ሳጥን ባይኖር ይሻላል።

---

ሳቢያን_የሰው_ሀብት

አመሰግናለሁ፤ ይሄ ሁሉ አልታየኝም ነበር። ካሜራው በትክክል በሩ ላይ ነው ያለው። ሳጥኑን ሠራተኛው ሁሉ ወደሚመላለስበት የምግብ አዳራሽ ኮሪደር ላዛውረው አስቤያለሁ። ሁለት ቁልፍ፣ ሁለት ሰው፣ በየሳምንቱ ዓርብ በቃለ ጉባኤ ይከፈት። ይበቃል?

አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅ። እንበል ጥቆማው ሲመጣ እንዲህ ይላል፦ «መጋቢት 12 ማታ ከ2 ሰዓት በኋላ የገባው መኪና 500 ጀሪካን ዘይት ተብሎ ሞዴል 19 ተቆርጦለታል፤ ስቶር የገባው ግን 470 ነው።» ስሙን አልጻፈም። ግን በዚያ ሰዓት እዚያ የሚገኙት ስቶር ኪፐሩ፣ ጸሐፊው፣ የጫኝና አውራጅ አለቃውና ጥበቃው ብቻ ናቸው። ስም ባይኖርም ማን እንደሆነ ይታወቃል። አንቀጽ 6 እንዴት ይጠበቃል?

---

የውስጥ_ኦዲተር

ጥያቄሽ የነገሩ ሁሉ ልብ ነው። በትንሽ ድርጅት ውስጥ ሰውን የሚያጋልጠው ስሙ ሳይሆን የሚያውቀው ነገር ነው። ስለዚህ «በምንም ሁኔታ አይገለጽም» ብለሽ ቃል አትግቢ፤ ልትጠብቂው አትችይም። ነገሩ ወንጀል ከሆነም ፖሊስና ፍርድ ቤት ሊጠይቁሽ ይችላሉ። ቃል ልትገቢ የምትችዪው ማን እንደሚያውቅ ነው። እንዲህ በይው፦ ማንነቱንና የጥቆማውን ሙሉ ቃል የሚያውቁት ሁለቱ ጥቆማ ተቀባዮች ብቻ ናቸው፤ ሌላ ሰው ማወቅ ካለበት አስቀድሞ ለጠቋሚው ይነገረዋል፤ ማን፣ መቼ፣ ለምን እንዳወቀ በመዝገብ ይያዛል። ይህ መዝገብ በኋላ በጣም ይጠቅማል። የበቀል ክስ ሲመጣ የኃላፊው የመጀመሪያ መከላከያ «ጠቋሚ መሆኑን አላውቅም ነበር» የሚል ነውና።

የመጋቢት 12ቱን ጉዳይ እንሂድበት። ተቀባዩ «ጥቆማ 03» ብሎ ይመዘግባል፣ ዋናውን ወረቀት ያሽጋል፣ ለመርማሪው የሚሄደውን በራሱ ቃል እንደገና ይጽፋል። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ 470 የሚለውም ቁጥር ይወጣል። የሚቀረው «ከጥር እስከ መጋቢት በገባ ዘይት ላይ ሞዴል 19 እና በአካል የገባው አይገጥሙም ተብሏል» የሚል ነው። መርማሪው ስለ መጋቢት 12 ማታ አንድ ጥያቄ ከጠየቀ ግን ነገሩ በዚያው ቀን አልቋል።

ከዚያ ሽፋኑ ይሰፋል። ቆጠራው በመልካ ጀብዱ ብቻ ሳይሆን በሁለቱም መጋዘን፣ በዘይት ብቻ ሳይሆን በሁሉም ዕቃ ላይ፣ የሩብ ዓመት ቆጠራ ሆኖ ይደረጋል። ቆጠራው ብቻውን 30ውን ላያሳይ ይችላል፤ በመካከል «ፈሰሰ፣ ተበላሸ» ተብሎ ከቢን ካርድ ሊቀነስ ይችላልና። ስለዚህ ወረቀቶቹ ጎን ለጎን ይቀመጡ፦ የአቅራቢው ማስረከቢያ፣ የበር መዝገብ፣ ሞዴል 19፣ ቢን ካርዱ፣ የብልሽት ቃለ ጉባኤው፣ እና ብዙ ሰው የማያየው የጫኝና አውራጅ ክፍያ ወረቀት። አውራጆች የሚከፈላቸው በቁጥር ከሆነ ላላወረዱት አይከፈላቸውም። ሞዴል 19 ላይ 500 ተጽፎ ክፍያው በ470 ከተሠራ፣ ማስረጃው ራሱን ችሎ ቆመ። ከዚህ በኋላ ጸሐፊውን ምስክር ማድረግ አያስፈልግም፤ ምርመራው ከሒሳብ ክፍል ፋይል የተነሳ ሆነ።

ቃል ሲሰጥ ደግሞ የሁለቱም መጋዘን ሰዎች በሙሉ በስማቸው ፊደል ተራ ይጠሩ፣ ተመሳሳይ ጥያቄ ይጠየቁ፣ ተመሳሳይ ደቂቃ ይቆዩ። ጠቋሚውም በተራው ይገባል። ሳይጠራ ከቀረ ይጠረጠራል፣ አንድ ሰዓት ከቆየም ይጠረጠራል።

አንድ አንቀጽ ጨምሪ። ስቶር ኪፐሩ የሚጠረጥረው ጸሐፊውን ላይሆን ይችላል። የአውራጅ አለቃውን ቢጠረጥርና እሱን ቢያባርረው? ጥበቃው ለጠቋሚ ብቻ ከተጻፈ አለቃው ምንም ስላልጠቆመ ይወድቃል። «ጥቆማ ያቀረበ፣ ያቀረበ የመሰለ፣ ለምርመራ ቃል የሰጠ፣ እንዲሁም እዚሁ ድርጅት የሚሠራ ዘመዱ» ብለሽ ጻፊ።

ስለ ሳጥኑ፦ ኮሪደሩ ይሻላል። ግን በ64 ሰው መካከል የእጅ ጽሑፍ ይታወቃል። አጠገቡ ምልክት ብቻ የሚደረግበት የታተመ ቅጽ አድርጊ፤ ቅጹ የጉዳዩን ዓይነት፣ ቦታውንና ወሩን ይጠይቅ። ተቀባዩም ማስታወሻውን በኮምፒውተር ጽፎ ኦሪጅናሉን ያሽግ።

---

ገንደ_ቆሬ_ልጅ

ይቅርታ፣ ከርዕሱ ወጣ ካልኩ። እኔ በአንድ የግል ድርጅት ውስጥ ነዳጅ ይሰረቃል ብዬ ለኃላፊዬ በጽሑፍ ነገርኩ። ሁለት ወር ሆኖኛል ከተሰናበትኩ፤ ደብዳቤው «የሥራ መቀዛቀዝ» ይላል። ቋሚ ነበርኩ። ፖሊሲ የሚባል ነገር የላቸውም። ምን ላድርግ?

---

የሕግ_ነገር_ድሬ

ወንድሜ፣ አንተ አሁን ቀን ነው የምትቆጥረው። ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄ ከተሰናበትክበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ሁለት ወር ሄዷል። የስንብት ደብዳቤውን፣ ለኃላፊህ የጻፍከውን ቅጂና የደረሰበትን ማረጋገጫ ይዘህ ዛሬ ነገ ሳትል ጠበቃ አነጋግር፤ የሠራተኛ ማኅበር አባል ከነበርክም ማኅበሩን ያዝ።

ስለ መሠረቱ ልንገርህ። 1156/2011 አንቀጽ 26(2) ሠራተኛ በአሠሪው ላይ ቅሬታ በማቅረቡ ማሰናበት ሕገ ወጥ ነው ይላል፤ በዚህ ምክንያት መሆኑ ከተረጋገጠ አንቀጽ 43 ወደ ሥራ መመለስን ያዝዛል። ችግሩ፣ «የሥራ ባልደረባዬ ነዳጅ ይሰርቃል» ማለት በአሠሪው ላይ የቀረበ ቅሬታ ነው ወይ የሚለው ያከራክራል። «የሥራ መቀዛቀዝ» የሚለውን ግን ራሳቸው ማስረዳት አለባቸው። በአንተ ቦታ ሌላ ሰው ቀጥረው ከሆነ ማስታወቂያውን ፎቶ አንሳ።

ሳቢያን፣ ይሄ ለአንቺም ይጠቅማል። ኦዲተሩ እንዳለው የ699ኙ ወሰን ጠባብ ነው፤ እቀበላለሁ። የሥራ ሕጉም ይህ ክፍተት አለው። ስለዚህ ፖሊሲው ለብቻው ፋይል ውስጥ ከሚቀመጥ፣ ዋና ዋናዎቹ አንቀጾች በሥራ ደንቡ ወይም በኅብረት ስምምነቱ ውስጥ ይግቡ። ያኔ ሠራተኛው ሊከራከርበት የሚችል ግዴታ ይሆናል። የሥራ መሪዎችን ደግሞ ለይተሽ ጥቀሺ። የፋይናንስ ኃላፊ የሥራ መሪ ከተባለ 1156 አይሸፍነውም፤ ትልቁን ነገር የሚያየው ግን እሱ ነው።

አንቀጽ 8 ላይ ግን አልለቅም። ስም ማጥፋት ወንጀል በሆነበት አገር የሐሰት ጥቆማን ዝም ማለት አይቻልም።

---

የውስጥ_ኦዲተር

አንቀጽ 8 ላይ ሁለት ነገር ተቀላቅሏል። «ሐሰት ሆኖ የተገኘ» የሚለው ማረጋገጥ ያልተቻለውንም ሁሉ ይይዛል። ጸሐፊው 470 ቆጥሮ፣ የአውራጅ ክፍያ ወረቀቱ ጠፍቶ፣ ጉዳዩ ሳይረጋገጥ ቢዘጋ እሱ ሊቀጣ ነው ማለት ነው። ይህን ያነበበ ሰው አይጠቁምም። «ቅን ልቦና» የሚለው ደግሞ ምርመራውን ከዘይቱ አንስቶ የሰውየው ልብ ላይ ያዞረዋል፦ ከስቶር ኪፐሩ ጋር ተጣልቶ ነበር፣ እድገት ከልክሎት ነበር፣ ወዘተ። ቂም ኖሮት እውነት የተናገረ ሰውም የጎደለውን 30 ጀሪካን አሳይቷል።

የአውሮፓ ኅብረት በ2019 ያወጣው መመሪያ ቁጥር 2019/1937 ይህን መንገድ ትቶ፣ በጠቆመበት ጊዜ መረጃው እውነት ነው ብሎ ለማመን በቂ ምክንያት ነበረው ወይ ብሎ ብቻ ይጠይቃል። እኛን አያስገድደንም፣ አጻጻፉን ግን መዋስ ይቻላል። ስለዚህ ቅጣቱ «ሐሰት መሆኑን እያወቀ» ለጠቆመ ብቻ ይሁን፣ ያወቀ መሆኑንም የሚያስረዳው ድርጅቱ ይሁን። የአንተ ስጋት በዚህ ይሸፈናል።

---

ጀጎል_ፋብሪካ

ከሐረር ነኝ፣ በማኑፋክቸሪንግ ውስጥ ሠራተኛ አስተዳድራለሁ። አንድ ነገር አልተነሳም። ኦዲተሩ «ማን ያስረዳል» ብሎ ጀመረና ተወው። ልክ እንደዚያው መመሪያ፣ ጥቆማ ካለ በኋላ የተወሰደ እርምጃ በቀል እንደሆነ ይገመታል፣ ኃላፊው ያስተባብል የሚል ደንብ ብዙ ቦታ እየገባ ነው። ይህ በፋብሪካ ውስጥ ምን ያደርጋል? ግምገማ ሲቃረብ ደካማው ሠራተኛ ይጠቁማል፣ ከዚያ ማንም አይነካውም። ጊዜው 12 ወር ከሆነ ዓመቱን ሙሉ ሥራ መምራት አይቻልም። ሦስት ወር ይበቃል።

---

የውስጥ_ኦዲተር

ስጋትዎ እውነተኛ ነው። መልሱ ግን ጊዜውን ማሳጠር አይመስለኝም። ሦስት ወር ቢሆን ተበቃዩ አራተኛውን ወር ይጠብቃል፤ መጋቢት ላይ የጠቆመ ሰው ውሉ ሰኔ 30 ሲያበቃ ጊዜው አልፏል። መልሱ የሰነዱ ቀን ነው። ኃላፊው ከጥቆማው በፊት የተጻፈ ማስጠንቀቂያ፣ የአቴንዳንስ መዝገብ ወይም ነጥብ ካለው እርምጃው ይጸናል። ደካማ ሠራተኛ ደካማነቱ ግምገማ ሲቃረብ አይጀምርም። ቀድሞ ምንም ሳይጽፍ በድንገት ፋይል መሙላት የጀመረ ኃላፊ ግን ማስረዳት አለበት። ከጥቆማው በኋላ ለተፈጠረ አዲስ ጥፋት ደግሞ ማስረጃው እንደማንኛውም ጊዜ ይቀርባል፤ ተመሳሳይ ጥፋት የሠሩ ሌሎች ምን እንደተቀጡም ይታያል።

---

ጀጎል_ፋብሪካ

ከጥቆማ በፊት ሰነድ የሚይዝ ኃላፊ ስንት ነው? አብዛኛው በቃል ነው የሚያስጠነቅቀው። በመጀመሪያው ዓመት ብዙ ትክክለኛ እርምጃ ይወድቃል። 12 ወሩን ልቀበል እችላለሁ፤ ግን ደንቡ ከመጽናቱ በፊት ለኃላፊዎች የስድስት ወር መዘጋጃ ይሰጥ እላለሁ።

---

ሳቢያን_የሰው_ሀብት

ስድስት ወር መጠበቅ አልችልም፤ ሰኔ 30 ይደርሳል። ለኃላፊዎቹ የማስጠንቀቂያ ቅጽ አሁኑኑ አዘጋጅቼ አሰራጫለሁ። ረቂቁን እንዲህ ለውጬዋለሁ፦

> አንቀጽ 5። (1) ጥቆማ ባቀረበ፣ ያቀረበ በመሰለ ወይም ለምርመራ ቃል በሰጠ ሰው እና በድርጅቱ በሚሠራ ዘመዱ ላይ በዚህ ምክንያት በአባሪ 1 የተዘረዘረ ወይም እነዚያን የመሰለ እርምጃ መውሰድ ክልክል ነው። የውል፣ የሙከራ ጊዜ ሠራተኛና የሥራ መሪም ይጨምራል። (2) እርምጃው ጥቆማው በቀረበ በ12 ወር ውስጥ የተወሰደ ከሆነ በሌላ ምክንያት መወሰዱን የሚያስረዳው እርምጃውን የወሰደው ኃላፊ ነው። (3) የማንኛውም ሠራተኛ ውል የማይታደስ ሲሆን ኃላፊው ውሉ ከማብቃቱ 30 ቀን በፊት ምክንያቱን በጽሑፍ ይሰጣል። ምክንያቱ የበጀት እጥረት ከሆነ መደቡ ለስድስት ወር በሌላ ሰው አይሞላም። (4) በቀል መፈጸሙ ሲረጋገጥ የቦርዱ ኦዲት ኮሚቴ እርምጃው እንዲነሳና የቀረው ክፍያ እንዲከፈል ያዝዛል።
>
> አንቀጽ 6። የጠቋሚውን ማንነትና የጥቆማውን ሙሉ ቃል የሚያውቁት ሁለቱ ጥቆማ ተቀባዮች ብቻ ናቸው። በሕግ ተገድዶ ለሌላ ሰው የሚገለጽ ከሆነ፣ ምርመራውን የሚያበላሽ ካልሆነ በቀር፣ አስቀድሞ ለጠቋሚው ይነገረዋል።
>
> አንቀጽ 7። ጥቆማ ለሁለቱ ተቀባዮች በአካል፣ ለዚሁ በተለየ ስልክ፣ ከድርጅቱ ውጪ በተከፈተ ኢሜይል ወይም በኮሪደሩ ሳጥን ይቀርባል። ስለ ሥራ አስኪያጁ ወይም ስለ ተቀባዩ ራሱ የሆነ ጥቆማ በቀጥታ ለኦዲት ኮሚቴው ሰብሳቢ ይሄዳል። በ7 ቀን ውስጥ መድረሱ፣ በ3 ወር ውስጥ የደረሰበት ውጤት ለጠቋሚው ይገለጻል።
>
> አንቀጽ 8። ሐሰት መሆኑን እያወቀ የጠቆመ በዲሲፕሊን ይጠየቃል። ማወቁን የሚያስረዳው ድርጅቱ ነው።

ስሙን ላልሰጠ ሰው ሳጥኑ አጠገብ ያለው ቅጽ የሚቀደድ ቁጥር ይኖረዋል፤ በዚያ ቁጥር ደውሎ ውጤቱን ይጠይቃል።

---

የሕግ_ነገር_ድሬ

ጥሩ ሆኗል። ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ «ይህ ፖሊሲ ማንም ሰው ለፖሊስ፣ ለፀረ ሙስና አካል ወይም ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ከማመልከት አይከለክልም፤ በሥራ ውሉ ያለው የምስጢር ግዴታም ይህን አይገድብም» የሚል ጨምሪ። የሥራ ውሎቻችሁ ውስጥ «የድርጅቱን ምስጢር» የሚል ሰፊ አንቀጽ ካለ ጠቋሚው በእሱ ነው የሚያዘው።

ሁለተኛው በአንቀጽ 7 ያስቀመጥሽው የሦስት ወሩ ገደብ ነው። ያለ ማስጠንቀቂያ ለማሰናበት አሠሪው ጥፋቱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ 30 የሥራ ቀን ነው ያለው። ምርመራው ሦስት ወር ከፈጀ፣ የስቶር ኪፐሩ ጠበቃ «ያወቃችሁት ጥቆማው የደረሰ ቀን ነው» ብሎ ይከራከራል።

---

የውስጥ_ኦዲተር

እዚህ ላይ እስማማለሁ። እኔ እስከማየው ጥቆማ መድረስና ጥፋቱን ማወቅ አንድ አይደሉም፤ የሚታወቀው ወረቀቶቹ ተመሳክረው ግኝቱ ሲጸና ነው። ቢሆንም በዚያ ክርክር ላይ መተማመን አያስፈልግም። የማመሳከር ሥራው ለሁለት መጋዘን ከሁለት ሳምንት በላይ አይወስድም። ግኝቱ የጸናበት ቀን በተፈረመ ቃለ ጉባኤ ይያዝ፤ ሦስት ወሩ የመጨረሻ ጣሪያ እንጂ የሥራ ዕቅድ አይሁን።

ሳቢያን፣ ሁለቱን ተቀባዮች ስትመርጪ አንዷ ሴት ትሁን፤ ሁለቱም ከሒሳብና ከመጋዘን ክፍል ውጪ ይሁኑ። በመካከላቸው አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ የሚሰማ ይኑር። አውራጆቹ በአስተርጓሚ ከጠቆሙ አስተርጓሚው ሦስተኛ የሚያውቅ ሰው ሆነ።

---

ገንደ_ቆሬ_ልጅ

አመሰግናለሁ የሕግ ነገር። ሰው መቅጠራቸውን ሰምቻለሁ፣ ማስታወቂያውን እፈልጋለሁ። ለኃላፊዬ የጻፍኩት ላይ ግን የደረሰበት ፊርማ የለም፣ በቴሌግራም ነው የላክሁት። ያ ይቆጠራል?

---

ኔትወርክ_ከዚራ

መልእክቱን እንዳታጠፋው፤ ስልኩንም እንዳትቀይር። ሁለቱ ምልክቶች እንዲታዩ አድርገህ ከነቀኑና ከነተቀባዩ ስም ቅዳው። ኮምፒውተር ላይ ቴሌግራም ዴስክቶፕ ከፍተህ ሙሉ ንግግሩን በ`Export chat history` አውጣ። ፍርድ ቤት ምን ያህል ክብደት እንደሚሰጠው የሕግ ነገር ይንገርህ፤ ስልኩን ራሱን ግን ይዘህ ሂድ።

---

ሳቢያን_የሰው_ሀብት

ሁሉንም አስገባለሁ። የቀረኝ አንድ ነገር ነው፦ ቦርዳችን አምስት ሰው ነው፣ የኦዲት ኮሚቴው ሰብሳቢ ደግሞ የሥራ አስኪያጁ አማች ናቸው። ስለ ሥራ አስኪያጁ የሚመጣ ጥቆማ ለማን ይሂድ?

---

የውስጥ_ኦዲተር

ለእሳቸው አይሂድ። ከቦርዱ ውስጥ ዝምድና የሌለው አንድ አባል በስም ይሰየም፣ ከእሱ ጋር ደግሞ የውጭ ኦዲተራችሁ ሁለተኛ ተቀባይ ይሁን። የውጭ ኦዲተሩ ይህን መቀበል የሚችለው በሥራ ውሉ ውስጥ ሲጻፍለት ነውና፣ የዚህን ዓመት ውል ከመፈራረማችሁ በፊት አስገቡት። ኦዲተሩ እምቢ ካለ ፖሊሲውን የጠየቃችሁን አጋር ድርጅት ጠይቂ፤ የራሱ የጥቆማ መስመር ካለው ቁጥሩን በአንቀጽ 7 ላይ ማስገባት ይቻላል።